ያለ ጥያቄ የመጣ ስቴትመንት

ከቡሬ የመጡ ዘመዴ ፍኖተ ሰላም ቤቴ ገብተው የባንክ ስቴትመንታቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ምንም አልጠየቁኝም። የሚደጋገመውን ቁጥር በእርሳስ አሰመርኩበት። 800 ብር በፈረንጆቹ ኦክቶበር 11፣ ኖቬምበር 10፣ ዲሴምበር 10፣ ጃንዋሪ 9 ወጥቷል። ቀኑ የተዘበራረቀ ይመስላል፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ግን ጥቅምት 1፣ ኅዳር 1፣ ታኅሣሥ 1፣ ጥር 1 ነው።

ካርዱን ማን ይዞት ይሆን ብዬ ልጆቹን በልቤ መጠርጠር ጀምሬ ነበር። ግን ወረቀቱ ብሩ መውጣቱን እንጂ ለምን እንደወጣ አይናገርም። «እትዬ፣ በየወሩ መባቻ 800 ብር ይወጣል፤ ያውቁታል?» አልኳቸው።

«የልጅ ልጄ የቤት ኪራይ ነው፤ እኔው ነኝ የምልከው። የከነከነችኝ ከሥሩ ያለችው 5 ብር ከ75 ናት።»

5 ብሩ የመላኪያ አገልግሎት ነው፤ 75 ሳንቲሙ የዚያው 15 በመቶ ታክስ።