አሥሩ ሲታዩ ሃምሳው የት ሄዱ?

60 ዓይነት ዕቃ የሚሸጥ የጅምላ መደብር አለ እንበል፤ የወሩ ሽያጭ 2,000,000 ብር ነው። ባለቤቱ ስድሳ ረድፍ የማንበብ ትዕግሥት የላቸውም። «በብዛት የተሸጡትን አሥሩን ከነድርሻቸው አምጣልኝ» ብለው ሒሳብ ሠራተኛውን ያዛሉ። ሠራተኛው በኤክሴል ፒቮት ቴብል ያወጣል፤ ከ Value Filters ውስጥ Top 10 ን ይመርጥና ድርሻውን በ % of Grand Total ያሳያል። ዘይት አንደኛ ሆኖ 20 በመቶ ይዞ ይወጣል።

ይህ ቁጥር የተሳሳተ ነው። የዘይት ሽያጭ 260,000 ብር ነው፤ ከ2,000,000 ብር ሲሰላ ድርሻው 13 በመቶ ብቻ ይሆናል። ማጣሪያው የቀሩትን ሃምሳ ዕቃዎች ከዓይን ብቻ ሳይሆን ከድምሩም አውጥቷቸዋል። አሥሩ በአንድ ላይ 1,300,000 ብር ስለሆኑ ኤክሴል 260,000ውን ያካፈለው ለዚያ ነው። ሰው እንዳይጠረጥር የሚያደርገው ደግሞ የአሥሩ ድርሻ ተደምሮ ልክ 100 መምጣቱ ነው። ስለዚህ ማየት የሚገባው መቶውን ሳይሆን ብሩን ነው፦ ከሰንጠረዡ ግርጌ ያለው ጠቅላላ ድምር ከሽያጭ መዝገቡ ድምር ጋር ካልገጠመ ድርሻዎቹ ሁሉ ተነፍተዋል።

ብዙዎች የሚሞክሩት መፍትሔ ሃምሳውን ረድፍ መርጦ በ Group አንድ ላይ ማሰርና «ሌሎች» የሚል ስም መስጠት ነው። ለዚያ ወር ይሠራል፤ ዘይትም ወደ 13 በመቶ ይመለሳል። በሚቀጥለው ወር ግን አሥራ ሁለተኛ የነበረው ሳሙና ስድስተኛ ቢሆን እንኳ እዚያው «ሌሎች» ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ አዲስ የመጣ ዕቃም ከቡድኑ ውጭ ለብቻው ይቆማል።

የሚያዛልቀው መንገድ ማጣሪያውን ትቶ እያንዳንዱ ዕቃ የሚታይበትን ስም በቀመር መወሰን ነው። የሽያጭ መዝገቡ Sales በሚባል ገጽ ላይ ይሁን፤ A ዓምድ ዕቃውን፣ B ቅርንጫፉን፣ C ብሩን ይያዝ። በሌላ ገጽ የስድሳው ዕቃ ስም ከ A2 እስከ A61 ይጻፍና በ B2፣ በ C2 እና በ D2 በቅደም ተከተል እነዚህ ገብተው ወደታች ይሳቡ፦

```
=SUMIFS(Sales!C:C,Sales!A:A,A2,Sales!B:B,$G$1)
=RANK(B2,$B$2:$B$61)+COUNTIF($B$2:B2,B2)-1
=IF(C2<=10,A2,"ሌሎች")
```

የመጀመሪያው የዕቃውን ሽያጭ ይደምራል። ሁለተኛው ደረጃ ይሰጣል፤ የ COUNTIF ጭማሪው ሁለት ዕቃዎች እኩል ተሸጠው አሥረኛነትን ሲጋሩ አሥራ አንድ ስም እንዳይወጣ ይከላከላል። ሦስተኛው እስከ አሥር ያሉትን በስማቸው ይጠራል፣ የቀሩትን «ሌሎች» ይላቸዋል። ፒቮቱ ከዚህ ዝርዝር ይሠራል፤ በረድፍ D፣ በዋጋ B ይገባና ድርሻው እንደቀድሞው ይታያል። አሁን ማንም ከድምሩ አልወጣም፤ አሥሩ 65 በመቶ፣ «ሌሎች» 35 በመቶ ይሆናሉ።

G1 ላይ የቅርንጫፍ ስም ሲጻፍ ድምሩም ደረጃውም የዚያ ቅርንጫፍ ይሆናል፤ ኮከብ ምልክት (*) ቢጻፍ ሁሉንም ይይዛል። ቅርንጫፉን እዚህ መምረጥ የሚሻለው፣ የመርካቶ ቅርንጫፍ አሥር ምርጦች ከመላው መደብር አሥር ምርጦች ጋር አንድ ላይሆኑ ስለሚችሉ ነው። ቀመሩ ወዲያው ቢቀየርም ፒቮቱ Refresh እስኪባል አሮጌውን ይዞ ይቆያል፤ ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ሰንጠረዡን ከትልቅ ወደ ትንሽ ሲደረድሩት «ሌሎች» ከዘይት በልጦ አናት ላይ ይወጣል። በመዳፊት ጎትቶ ግርጌ ማስቀመጥ ይበጃል፤ ምክንያቱም አንድ ዕቃ አይደለም። በእኔ እምነት ስሙም «ሌሎች (50 ዕቃዎች)» መሆን አለበት። አለዚያ ባለቤቱ 35 በመቶ የሚሸጠውን ያንን ዕቃ መጋዘን ውስጥ ሊፈልጉት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለሚደመር ነገር ነው። ባለቤቱ የትርፍ መጠን ቢጠይቁ የ«ሌሎች» ድርሻ የእያንዳንዱ ዕቃ መቶኛ አማካይ አይደለም። ለምሳሌ አንዱ 50,000 ብር ተሸጦ 5,000፣ ሌላው 5,000 ብር ተሸጦ 2,000 ብር ቢያተርፉ፣ የ10 እና የ40 በመቶ አማካይ 25 ይመጣል። ትክክለኛው ግን 7,000 ለ55,000 ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ 13 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የትርፉ ብር ለብቻው በአንድ ዓምድ ይደመርና መካፈሉ በመጨረሻ፣ ከ«ሌሎች» ረድፍ ላይ ይሠራል።