ለእሑድ አጥቢያ፣ 10 ሰዓት

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ግንደወይን ላይ ተዳረች። ሙሽራው የሞጣ ልጅ ነው። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የቤተሰቡን የቴሌግራም ቡድን ከመጀመሪያው መልእክት ጀምሬ አነበብኩት፣ የድምፅ መልእክቶቹንም እየሰማሁ ጻፍኳቸው። ከዚያ ሁሉ ወሬ፣ ምርቃትና ፎቶ ውስጥ አንድ በሰዓት የተደረደረ የሥራ ዝርዝር ለማውጣት ነበር ሐሳቤ። እንዴት እንደሚወጣ ልንገራችሁ፤ ስሠራው እንዲህ ይማርከኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

መጀመሪያ እያንዳንዱን መልእክት ወደ ሥራ መበተን ነው። «ድንኳኑና ወንበሩ ዓርብ ይመጣል፣ ጠላውንም እናቀርባለን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ሥራ ነው፤ ስለዚህ ሦስት መስመር ይሆናል። በየመስመሩ አራት ነገር ትጽፋላችሁ፤ ሰዓቱን፣ ሥራውን፣ ቦታውንና የሚሠራውን ሰው። ያልታወቀውን ባዶ ትተዉታላችሁ እንጂ በግምት አትሞሉትም። አጠገቡ መልእክቱ የተላከበትን ቀን ያዙ፤ ማክሰኞ የተጻፈ «ነገ» ረቡዕ ነው፣ ሐሙስ ላነበበው ሰው ግን ዓርብ ይመስለዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰዓት ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝም እሱ ነው። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይዋ ክረምት ከበጋ የምትወጣበት ሰዓት ብዙም አይለዋወጥም፤ ስለዚህ አቆጣጠሩ ይመቸናል። ስልኩ ግን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል፤ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። ፎቶ አንሺው «እሑድ 12:00 እደርሳለሁ» ብሎ ጽፎ ነበር። በእኛ ከሆነ ንጋት ላይ ነው፣ በስልኩ ከሆነ ቀትር ላይ። ተደውሎለት ሲጠየቅ ቀትር መሆኑን ነገረን። ተክሊሉን ሊያነሳ የተቀጠረ ሰው ተክሊሉ ካለቀ በኋላ ሊመጣ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው የሌሊቱ ሰዓት ነው። ቄሱ ሙሽሮቹ «ሌሊት 10 ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ይድረሱ» ብለው ነበር፤ ተክሊሉ ከቅዳሴው በፊት ይደርሳልና። መልእክቱን ያስተላለፈው ዘመድ «ቅዳሜ ሌሊት 10 ሰዓት» ብሎ ጻፈው። ሌላው ደግሞ «እሑድ ሌሊት» አለ። የየትኛው ቀን ሌሊት ነው? አማርኛችን ለዚህ ቁርጥ ያለ ቃል አለው፤ «ለእሑድ አጥቢያ»። በዝርዝሩ ላይ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለውን ሁሉ በዚህ አጻጻፍ ብቻ አሰፈርኩት። ዋሽንግተን ላለችው ሌላዋ አክስቴ ደግሞ ለብቻ ጻፍኩላት። በጥር እነሱ ከኛ ስምንት ሰዓት ወደኋላ ናቸው፤ ተክሊሉን በስልክ ለማየት የምትቀመጠው እዚያ ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው። እሷ እሑድን ትጠብቅ ነበር።

ይህ አንድ ሰዓት ከተቆረጠ በኋላ ሌላው ሁሉ ከሱ ወደኋላ ይቆጠራል። 10 ሰዓት ለመድረስ ሙሽሪት ከቤት 9 ሰዓት ተኩል ትወጣለች፣ ለመልበስ ደግሞ 8 ሰዓት ላይ ትነሣለች። ይህን ስደረድር ፀጉር ሠሪዋ «እሑድ በጠዋት 12 ሰዓት እመጣለሁ» ያለችው ብቅ አለ፤ በዚያን ሰዓት ሙሽሪት ቅዳሴ ላይ ናት። ፀጉሩ ወደ ቅዳሜ 9 ሰዓት ተዛወረ። ሙሽራውም ያን ሌሊት ከሞጣ ተነሥቶ ሊደርስ አይገባም፤ ግንደወይን ማደር አለበት። የት ያድራል? በቡድኑ ውስጥ ይህን የጠየቀም የመለሰም ሰው አልነበረም። መልእክቶቹ ተበታትነው ሳሉ ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስላል፤ በተርታ ሲቀመጡ ነው ክፍተቱ የሚታየው።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። አማርኛ ግሱ ውስጥ ባለቤቱን ይዞ ይዞራል፤ ስለዚህ ባዶውን ቦታ ለማግኘት የግሱን መጨረሻና መጀመሪያ ማየት ይበቃል። «አመጣለሁ» ያለ ሰው ተገኝቷል። «እናመጣለን» ሲሉ ግን እነማን? «ይታረዳል» ሲባልስ በማን እጅ? እኔ «ይ-» እና «እን-» ብለው የሚጀምሩትን ሥራዎች ሁሉ አሰመርኩባቸውና የላኩትን ሰዎች አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። አጎቴ «በሬው ቅዳሜ ይታረዳል» ብሎ ነበር። ወጥ ሠሪዋ ደግሞ ሥጋው እስከ 4 ሰዓት ካልደረሰኝ ለእሑድ አላደርስም ብላለች። ሁለቱን አንድ ላይ አነበብኩለት። «እንግዲያ ጎህ ሲቀድ እኔው አርዳለሁ» አለ። መስመሩ በዚህ ተዘጋ።

«ልጆቹ»፣ «የሰፈሩ ወጣት»፣ «ዕድሩ» የሚባሉት ስሞች በዝርዝሩ ላይ አይገቡም። አንድ ሥራ አንድ ሰው ነው፤ ረዳት አሥርም ይሁን፣ ስልኩ የሚደወልለት አንዱ ነው። የሙሽሪት እናትና አባት፣ ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ ደግሞ ምንም መስመር አይሰጣቸውም። የሙሽሪት እናት፣ አክስቴ፣ በመልእክቶቹ ውስጥ እሑድ ከ4 እስከ 6 ሰዓት አምስት ቦታ ተጠርታ ነበር፤ እሷ በዚያ ሰዓት እንግዳ እየሳመች ነው የምትሆነው።

ዝርዝሩ በሰዓት ከተደረደረ በኋላ እንደገና በሰው ደርድሩት። ታላቅ ወንድሜ የሞጣን አጃቢዎች 5 ሰዓት መንገድ ላይ ሊቀበል ነበር፤ በዚያው ሰዓት ጠላ የሚያስቀዳውም እሱ ነው ተብሏል። በሰዓት ሲደረደር በሁለቱ መስመሮች መካከል ሌሎች ስለገቡ አይታይም፤ በስም ሲደረደር ወዲያው ይጋጫል። ከፊሉ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

ዓርብ 6 ሰዓት፤ ለሽንኩርት ከታፊዎች የጾም ምሳ፤ ጓሮ፤ ታናሽ እህቴ
ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት፤ በሬ ማረድ፤ ጓሮ፤ አጎቴ
ቅዳሜ 11 ሰዓት፤ ሙሽራውንና ሚዜዎቹን ማሳረፍ፤ አጎቴ ቤት፤ የአጎቴ ሚስት
ለእሑድ አጥቢያ 9:30፤ ሙሽሪትን ማድረስ፤ ቤተ ክርስቲያን፤ የአጎቴ ልጅ
እሑድ 5 ሰዓት፤ አጃቢዎችን መቀበል፤ የከተማው መግቢያ፤ ታላቅ ወንድሜ
እሑድ 9 ሰዓት፤ ሽኝት ወደ ሞጣ፤ ድንኳን በር፤ አጎቴ

የመጀመሪያው መስመር ከማንም መልእክት አልመጣም። ቅዳሜ ስለሚበላው ሁሉም አውርቷል፤ ዓርብ ለሥራ የሚመጡት ሴቶች ጾመኞች መሆናቸውን ግን ዝርዝሩ ቀኑን ሲለይ ነው ያየሁት።

ሽኝቱን 9 ሰዓት ያደረግነው ሞጣ ሳይመሽ እንዲገቡ ነው፤ 12 ሰዓት ገደማ ጀምበር ትጠልቃለች። ምሳው ከተጓተተ ከምርቃቱና ከጭፈራው ይቀነሳል እንጂ ሽኝቱ አይነካም ብለን በጽሑፍ አሰፈርነው።

የተጠናቀቀውን በቡድኑ አናት ላይ ሰካሁት፤ ከላይ ቀኑን ጽፌ «ከዚህ በፊት የተላኩት ተሽረዋል» አልኩ። ስልክ ለማያነቡት ግን በቃል መንገር ያስፈልጋል። የዕድሩን ድስትና ሳህን የሚያስረክቡት እናት ዘንድ ሄጄ የሳቸውን ሁለት መስመር ብቻ አነበብኩላቸው፤ አንዱ ዕቃው ለእሑድ አጥቢያ 11 ሰዓት ይወጣል የሚል ነበር።

«ልጄ፣ እኔ እኮ በዚያን ሰዓት ቅዳሴ ነኝ» አሉኝ። «ቁልፉም ከኔ ጋር ነው።»

እዚያው ቆሜ ሰረዝኩት፤ ቅዳሜ 10 ሰዓት ብዬ ጻፍኩ።