ስለ ትጥቅ እሽቅድድም የተሳሳቱ አመለካከቶች፦ ከመንዝ እስከ ልቼ

መንዝ ውስጥ አንድ ገበሬ ሌባ ለመከላከል ጠመንጃ ገዝቶ ምሰሶ ላይ ሰቀለ እንበል። ጎረቤቱ ያን ሌሊት የሚያስበው ስለ ሌባው አይደለም፤ «ለማን ይሆን?» እያለ ነው የሚያድረው። ዓመት ሳይሞላ እሱም አንድ ይገዛል። ሁለቱም የፈለጉት በሰላም ተኝቶ ማደር ነበር፤ አሁን ግን ሁለቱም እንቅልፍ አጥተዋል። ይህንን የመንግሥታት ግንኙነት አጥኚዎች የደኅንነት አጣብቂኝ ይሉታል። በመንደር ሽማግሌ አለ፤ ከመንግሥታት በላይ ሆኖ የሚዳኝ ግን የለምና እዚያ ይብሳል።

«ጦርነት የሚነሣው አንዱ ወገን ስለፈለገው ነው»

በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ጦራቸውን ይዘው በወሎ በኩል መንዝ ገቡ። የሸዋው ምኒልክ ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ብለው ይጠሩ ነበር። ከምኒልክ መቀመጫ ከልቼ ሆነው ሲያዩት፣ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንዴትና ጉራዕ ላይ ግብፆችን ድል አድርገው ብዙ ዘመናዊ ጠመንጃ ማርከዋል፤ የዚያ ጠመንጃ አፈሙዝ ቀጥሎ ወዴት እንደሚዞር ማን ያውቃል? ከዮሐንስ ሰፈር ሲታይ ደግሞ፣ ሰሜኑ ከግብፅ ጋር ሲዋደቅ ምኒልክ ከግብፆች ጋር ይጻጻፉ ነበር፤ ጠመንጃም ይሰበስባሉ። የሁለቱም ሥጋት መሠረት ነበረው። ሁለቱም ያን ውጊያ አይፈልጉትም ነበር፤ ማንም ቢያሸንፍ የተረፈው ሠራዊት ለውጭ ጠላት የማይበቃ ይሆን ነበርና። ቢሆንም ጦሮቹ ተፋጥጠው ቆሙ፤ የመንዝ ገበሬም ከጎተራው ስንቅ እየተወሰደበት የሁለት ጌቶችን ፍርሃት ከፈለ። ካህናት ገብተው አስታረቁና በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ ስምምነት ተደረገ።

እርግጥ ምኒልክ ዙፋኑን አይመኙም ነበር አልልም። አጣብቂኝ ማለት ሁሉም የዋህ ነው ማለት አይደለም። ምኞቱ ባይኖር ኖሮም ቢሆን ያው ጠመንጃ ያንኑ ፍርሃት ይፈጥር ነበር ማለት ነው።

«ለመከላከያ የተገዛ መሣሪያ ማንንም አያስፈራም»

ይህ እንደ መሣሪያው ዓይነት ይለያያል። በመርሐ ቤቴና በመንዝ ዙሪያው ገደል የሆነ፣ በአንዲት ጠባብ በር ብቻ የሚወጣ አምባ አለ። በሩ ላይ ግንብ የገነባ ሰው ጎረቤቱን አያሠጋም፤ ግንብ አይዘምትም። ጠመንጃ ግን አምባ የሚጠብቀውም አምባ ላይ የሚወጣውም እኩል ይሸከመዋል። አጣብቂኙ የሚከርረው መሣሪያውን በማየት ብቻ ሐሳቡን መለየት በማይቻልበት ጊዜ ነው።

በጥቅምት 1880 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር ሲዋዋሉ 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ቃል ተገባላቸው። በዚያው ሰዓት ዮሐንስ በአንድ ወገን ምፅዋን ከያዘችው ኢጣሊያ፣ በሌላ ወገን ከማህዲስቶች ጋር ተፋጥጠዋል። ምኒልክ ጠመንጃው ለሸዋ ጥበቃ ነው ቢሉ እንኳ፣ ሰጪው የዮሐንስ ጠላት ነውና የዮሐንስ ጆሮ የሚሰማው ሌላ ነው። በ1881 ዓ.ም. ዮሐንስ ጎጃምን ቀጡ፤ የእሳቸውና የምኒልክ ጦር ዓባይን መካከል አድርጎ ተያየ። ያዳናቸው መተማ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ማህዲስቶቹ ዞረው በመጋቢት ወር እዚያው ወደቁ። ያ ጦርነት ሳይነሣ መቅረቱን እንደ ማስተዋል የሚቆጥር ሰው ተሳስቷል።

«ሁለቱም ከታጠቁ ይፈራራሉ»

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ ግጭት ሲነሣ የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች በትጥቅ ትግል ዘመን አብረው የተዋጉ ሰዎች ነበሩ። በሰኔ የአየር ድብደባ እንዲቆም ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ግን ሁለቱም ለግዢ ተጠቀሙባቸው፦ ኢትዮጵያ ሱ-27፣ ኤርትራ ሚግ-29 ተዋጊ አውሮፕላን ገዙ። አውሮፕላኖቹ ከመጡ በኋላ መጠበቅ ለእያንዳንዱ ወገን አደገኛ መሰለ፤ ሌላው ይበልጥ እየተደራጀ ነውና። በየካቲት 1991 ዓ.ም. ውጊያው ከቀድሞው በእጅጉ ከፍቶ ቀጠለ። የመሬቱና የገንዘቡ ክርክር እውነተኛ ነበር፤ የፋታው ግዢ ግን ክርክሩን ለሽማግሌ የማይመች አደረገው።

«መፍትሔው መሣሪያ መጣል ነው»

ልቼ ላይ ምኒልክ ጦራቸውን አልበተኑም። ያደረጉት ሁሉም ሰው የሚያየው ነገር ነው፦ የንጉሠ ነገሥትነትን ስም ተዉ፣ ግብር ሊከፍሉ ቃል ገቡ፣ የሸዋን ንጉሥነት ዘውድ ከዮሐንስ እጅ ተቀበሉ። እነዚህ ድብቅ ሐሳብን ባይገልጡም ቢፈርሱ ወዲያው ይታወቃሉ። ግብሩ ባይደርስ ዮሐንስ ያውቃሉ፤ ስሙ በደብዳቤ ላይ ቢመለስም ያውቃሉ። ስምምነቱ ለዓመታት የያዘው በዚህ ነው። በ1880 ዓ.ም. የተገባው ቃል ኪዳን ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ጀርባ፣ በኢጣሊያ መልእክተኛና በምኒልክ መካከል ተጻፈ። ዮሐንስ ጠመንጃዎቹን መቁጠር ይችሉ ይሆናል፤ የተገባውን ቃል ግን በዓይናቸው የሚያዩበት መንገድ አልነበራቸውም።