«ወሰዱብኝ» ያለው ማነው? ከስልክ መልእክት ወደ አቤቱታ

በቤት ሠራተኝነት ወደ ቤሩት የሄደች ሴት ለላካት ኤጀንሲ በስልክ የምትጽፈው መልእክት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ ቃላቱን ከተለመደው አነጋገር አቀናብሬአቸዋለሁ፦

«ወንድሜ እንዴት ነህ፣ ከጥር ጀምሮ ብር የለም፣ ማዳም ነገ ነገ ትላለች። ፓስፖርቴንም ወሰዱብኝ። እህቷም ቤት ያሠሩኛል፣ በእናትህ መልስልኝ።»

ለአማርኛ ሰሚ መልእክቱ ሙሉ ነው። «ወንድሜ» እና «በእናትህ» ልመናውን በዝምድና ያስሩታል፤ «ወሰዱብኝ» ውስጥ ያለው «‑ብ‑»ም ድርጊቱ በተናጋሪዋ ላይ የደረሰ ጉዳት መሆኑን ያለ ተጨማሪ ቃል ያሳውቃል። አቤቱታ ግን አድራጊውን ለይቶ ማወቅ ይፈልጋል። የሦስተኛ መደብ ብዙ ቁጥር አንድም በርካታ ሰዎችን፣ አንድም አንቱ የሚባልን አንድ ሰው፣ አንድም ማንነቱ ያልተገለጸ አድራጊን ሊያመለክት ይችላል። ጸሐፊው «ማዳም» ከሚለው ተነሥቶ «አሠሪዬ ወሰደችብኝ» ብሎ ቢያቃናው ሰዋስዉ ያምራል፤ ሴትዮዋ ተጠይቃ «ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ የቢሮው ሰው ነው» ብትል ግን ክሱ ሐሰት ሆኖ ይገኛል። እንዲያ ከሆነ ደግሞ አቤቱታ ተቀባዩ ራሱ የጉዳዩ ተካፋይ ነውና ግልባጩ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር መድረስ ይኖርበታል።

«ከጥር ጀምሮ»ም እንዲሁ ያሳስታል። ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 9 ቀን 2025 ነው፤ ብዙ ሰው ግን ጃንዋሪንም ጥር ይለዋል። ደመወዙ በአውሮፓውያን ወር የሚታሰብ ከሆነ የስምንት ቀን ልዩነት ይፈጠራል። «የመጨረሻው ደመወዝ የየትኛው ወር ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይቀላል።

መልሱ ከተገኘ በኋላ ጽሑፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«አሠሪዬ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ቀን 2025 ያለውን የሦስት ወር ደመወዜን አልከፈለችኝም። በተደጋጋሚ ብጠይቃትም ነገ እከፍልሻለሁ ከማለት በቀር የሰጠችኝ የለም። ፓስፖርቴን አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ የቢሮው ሠራተኛ ወስዶ እስካሁን አልመለሰልኝም። በውሉ ከተጠቀሰው ቤት ሌላ በአሠሪዬ እህት ቤትም እንድሠራ ታዝዤ እየሠራሁ ነው። ደመወዜ እንዲከፈለኝ፣ ፓስፖርቴ እንዲመለስልኝና ከውሉ ውጭ ያለው ሥራ እንዲቆምልኝ እጠይቃለሁ።»

«ነገ ነገ» የሚለው ድግግሞሽ ምሬት ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ሠራተኛዋ መጠየቋንም አሠሪዋ ዕዳውን አለመካዷንም ይመሰክራልና ጸሐፊው ሊጥለው አይገባም። «‑ብ‑» ከአቤቱታው ጠፍቷል፤ ጉዳቱ አሁን በቀኑና በአድራጊው ተገልጧል። «በእናትህ» ደግሞ «እጠይቃለሁ» ሆኗል። እኔ በዚህ በመጨረሻው ለውጥ አመነታለሁ፤ የጉዳይ አስፈጻሚው ልብ በልመናው ይራራ እንደነበር አውቃለሁና። ስለዚህ ልመናዋን በስልኳ ትላከው፤ መዝገብ የሚገባው ግን አቤቱታው ይሁን።