ንግሥቲቱን ስለ መጠበቅ

በአገራችን ሰንጠረዥ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ በወረራውም ጊዜ አንዱ ሌላውን እስኪበላ ድረስ ተራ አይጠበቅም። በዛሬው ቼዝ ግን በፈርዝ ስፍራ የቆመችው ንግሥት ከሁሉ የበረታች ናት፤ ተራም ይቆጠራል። ስለዚህ ቀድማ የወጣች እንደ ሆነ ባላጋራ እርስዋን እያባረረ ሠራዊቱን ያሰልፋል።

ምሳሌውም ይህ ነው። ነጭ የንጉሡን ወታደር፣ ጥቁርም የንግሥቲቱን ወታደር ሁለት ሁለት ቤት ይሰዳሉ። ነጭ ይበላል፤ የጥቁር ንግሥት ወጥታ የበላውን ትበላለች። ወዲያው የነጭ ፈረስ ከንግሥቲቱ ወገን ወጥቶ ያሰጋታል። በሰያፍ አንድ ቤት ወደ ንጉሡ ፈረስ ሳይሆን ወደ ንግሥቲቱ ፈረስ ወገን ብታፈገፍግ፣ የነጭ ጳጳስ ፈረሱ በሚጠብቀው ቤት መጥቶ ይገጥማታል። ንጉሥዋ ከኋላዋ በዚያው መስመር ስላለ መሸሽ አትችልም፤ ጳጳሱን ብትበላ ፈረሱ ይበላታል። ወደ ቀደመው ቤትዋ ብትመለስ ግን ትድን ነበር።

እንግዲህ ጀማሪ አስቀድሞ ፈረሶችንና ጳጳሳትን ያውጣ፤ ንጉሡንም ይሸሽግ፤ ንግሥቲቱ ከዚያ በኋላ ትውጣ።