12 ሺህ ብር በመርሳ፣ 26 ሺህ ብር በአዲስ አበባ፦ የሥራ ቅጥርን በቤተሰብ ሚዛን መለካት

የዛሬው ርእሴ የመጣው ከአንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ጥያቄ ነው። መርሳ ውስጥ በግብርና ባለሙያነት ተቀጥራ ትሠራለች። ባሏ እዚያው መምህር ነው፤ የሁለት ዓመት ልጅ አላቸው። የሚኖሩት በእናቷ ግቢ ውስጥ ባለ አንድ ቤት ሲሆን ኪራይ አይከፍሉም፤ ልጁንም ቀን ቀን የምትይዘው አያቱ ናት። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት የሥራ ዕድል መጣላት፤ አንዱ ወልድያ፣ ሌላው አዲስ አበባ። «መምህር፣ የትኛው ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ፤ የምጠቅሳቸው የደመወዝ፣ የኪራይና የታሪፍ አኃዞችም ለስሌት ማሳያ የመረጥኳቸው ናቸው። የግብሩና የጡረታው ምጣኔ ግን በሕግ የተደነገገው ነው።

የመርሳው ደመወዝ 12,000፣ የወልድያው 16,000፣ የአዲስ አበባው 26,000 ብር ነው እንበል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ገና ከመነሻው፣ ጥቅሉን ደመወዝ ከጥቅሉ ደመወዝ በመቀነስ ነው። በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በየእርከኑ 15፣ 20፣ 25 እና 30 በመቶ ይከፈልበታል፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው እያንዳንዱ ብር ደግሞ 35 በመቶ። በዚህ ላይ 7 በመቶ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ አለ። ስለዚህ 12,000 ብር እጅ ላይ ሲደርስ 8,910 ብር፣ 16,000 ብር 11,330፣ 26,000 ብር ደግሞ 17,130 ይሆናል። በወረቀት ላይ በ14,000 ብር የሚበልጠው የአዲስ አበባ ደመወዝ በኪስ ውስጥ የሚበልጠው በ8,220 ብር ብቻ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ከ14,000 ብር በላይ በምትደራደሩበት እያንዳንዱ ብር ላይ ለእናንተ የሚተርፈው 58 ሳንቲም ነው። የቤት ኪራይ ግን የሚከፈለው ግብር ከተቆረጠለት ገንዘብ ላይ ነው። እንግዲያውስ ኪራይ በ1,000 ብር ቢጨምር ያንን ለመተካት ደመወዛችሁ በ1,000 ሳይሆን በ1,724 ብር ገደማ መጨመር አለበት። ቀጣሪው «ኪራዩን አስበንልሃል» ብሎ ኪራዩን የሚያክል ገንዘብ በደመወዝ ላይ ሲጨምር ያካካሰው ከግማሽ ጥቂት በለጥ የሚለውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ወልድያው ሥራ እንለፍ። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ስሪንቃ በመካከል ነው። ቤት ሳይቀይሩ እየተመላለሱ መሥራት ስለሚቻል ሰው ሁሉ ይህን እንደ ቀላሉ ምርጫ ያየዋል። ለሚኒባሱ 50፣ ከመናኸሪያ እስከ መሥሪያ ቤት ለባጃጁ 10፣ ደርሶ መልስ 120 ብር ቢወጣ፣ በ22 የሥራ ቀን 2,640 ብር ይሆናል። የተጣራው የደመወዝ ብልጫ ደግሞ 2,420 ብር ነው። ገና ሰዓቱን ሳንቆጥር 220 ብር ከሰረች ማለት ነው።

ሰዓቱን ስንቆጥር ደግሞ መቁጠር ያለብን ጉዞውን ብቻ አይደለም። ሚኒባስ የሚነሣው በሰዓት ሳይሆን ሲሞላ ነው። ጠዋት ፈጥኖ ይሞላ ይሆናል፤ ማታ ግን ሥራ ወጥታ መናኸሪያ ስትደርስ ተሳፋሪው ሄዶ ካለቀ ትጠብቃለች። በቀን በአማካይ ሁለት ሰዓት ተኩል ብንይዝ በወር 55 ሰዓት፣ ማለትም ሰባት የሥራ ቀናት ያህል ይሆናል። ከአማካዩ ይልቅ የሚጎዳው ግን መዋዠቁ ነው። ሃያ ቀን በሰዓቷ ደርሳ ሁለት ቀን ከረፈደባት በአለቃዋ ዘንድ የምትታወሰው በሁለቱ ቀን ነው፤ ስለዚህ እነዚያን ሁለት ቀናት ፈርታ ሃያውንም ቀን ግማሽ ሰዓት ቀድማ ትወጣለች። ምልልስን የሚመዝን ሰው መንገዱን በሚመቸው ቀን አንድ ጊዜ ሄዶ አይወስን፤ አንድ ሙሉ ሳምንት፣ የገበያውን ቀን ጨምሮ፣ ከቤት የወጣበትንና የተመለሰበትን ሰዓት ይጻፍ።

የወልድያው ሥራ እንዲህ በምልልስ ወጪ ሲወድቅ የአዲስ አበባው የሚወድቀው ወይም የሚቆመው በሌላ ነገር ነው። ከከተማው ዳር ባለ ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት በ7,000 ብር አገኘች፤ ለታክሲና ለአውቶቡስ 1,300 ብር፣ ለልጁ ሞግዚት ከምግቧ በቀር 4,000 ብር ታወጣለች እንበል። ድምሩ 12,300 ብር ነው። ከ8,220 ብሩ ብልጫ ስንቀንሰው በየወሩ 4,080 ብር ጉድለት ይታያል። ጥያቄውን ገልብጠን፣ «መርሳ በ12,000 ብር የምትኖረውን ኑሮ አዲስ አበባ ለመኖር ስንት ደመወዝ ያስፈልጋታል?» ብንል መልሱ 33,000 ብር ገደማ ነው። ለተማሪዬ ይህን ቁጥር ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች።

ይህ ግን ለእሷ ነው። በዚያው መሥሪያ ቤት በዚያው ደመወዝ የሚቀጠር ልጅ የሌለው ወጣት ከጓደኛው ጋር ቤት ተጋርቶ 3,500 ብር ኪራይና 1,300 ብር ትራንስፖርት ቢከፍል በየወሩ 3,420 ብር ይተርፈዋል። ደመወዙ አንድ ነው፤ መልሱ ግን ተቃራኒ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የከተማው ውድነት ብቻ ሳይሆን መርሳ ላይ ትታው የምትሄደው ነገር ነው። የእናቷ ቤትና የእናቷ ጉልበት በየትኛውም የደመወዝ ዝርዝር ላይ ስለማይጻፍ ዋጋው የሚታወቀው ሲቀር ነው። ከገጠር ዘመድ በመከር ጊዜ የሚመጣው ጤፍና ማሽላም እንዲሁ ነው።

የቤተሰብ ድጋፍ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ አይደለም። አዲስ አበባ ቤት የያዘ ሰው ቤቱ የራሱ ብቻ ሆኖ አይቆይም፤ ሥራ ፈላጊ ወንድም ይመጣል፣ ለሕክምና የመጣች አክስት ትሰነብታለች። እኔም በወጣትነቴ ለተሻለ ደመወዝ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ኪራዩን አስልቼ፣ መንገዱን አስልቼ ነበር። ያላሰላሁት የእናቴን ሕመም ነው። በዚያ ዓመት መርሳ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩትም፤ መሄጃው አንድ ሙሉ ቀን፣ መመለሻው ሌላ ቀን ነበር። የዓመት ፈቃዴ አልቆ ያለ ደመወዝ የቀረሁባቸው ቀናት በደመወዝ ብልጫ ያገኘሁትን ጨረሱት። ባልሄድ ኖሮ ደግሞ የሚጸጽተኝ ሌላ ነበር። ለቅሶ፣ ሠርግና ተዝካር በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚያስጉዙን በግምት ሳይሆን ያለፈውን ዓመት መለስ ብሎ በማየት መቁጠር ይቻላል።

ስለ መዛወሪያው ወጪ ጥቂት ልበል። ላሪ ስያስታድ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጥናት የቦታ ለውጥን እንደ መዋዕለ ንዋይ ማየት እንደሚገባ አሳይቷል፤ ወጪው አሁን ይወጣል፣ ጥቅሙ በዓመታት ውስጥ ይመጣል። ለዕቃ ማጓጓዣ 9,000፣ ለደላላ 3,500፣ ለጎደለ የቤት ዕቃ 17,500፣ በድምሩ 30,000 ብር ከወጣ፣ አንድ ዓመት ብቻ ለሚቆይ ሰው በወር 2,500 ብር ነው፤ ሦስት ዓመት ለሚቆይ 833 ብር። ስለዚህ ከወጪው በፊት መወሰን ያለበት የቆይታው ዘመን ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚሠሩት ስሕተት አለ፤ የኪራዩን ቅድሚያ ክፍያ ከመዛወሪያው ወጪ ጋር ይደምሩታል። ቅድሚያ ክፍያ ቀድሞ የተከፈለ ኪራይ ነው፤ በወር ኪራዩ ውስጥ አንዴ ስለተቆጠረ ሁለተኛ አይቆጠርም። በእጅ ጥሬ ገንዘብ መኖሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ የኪራይ ጭማሪም በየዓመቱ ከሚወሰነው መጠን ማለፍ የለበትም። ውሉን በጽሑፍ አድርጎ ማስመዝገብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ለአዲስ አበባው ምርጫ የሚሟገተው ጠንካራ ነጥብ የነገው ደመወዝ ነው። በሦስተኛው ዓመት ደመወዟ 40,000 ብር ቢደርስ የተጣራው 25,250 ብር ይሆናል፤ ከመነሻው በ8,120 ብር ይበልጣል። የመርሳው ደመወዝና የከተማው ወጪ ባሉበት ቢቆዩ ጉድለቱ ተሞልቶ ያንኑ ያህል ይተርፋታል። እስከዚያ ድረስ ያለው የሁለት ዓመት ጉድለት ግን ከመዛወሪያው ጋር ወደ 128,000 ብር ነው። ይህን ገንዘብ ማን ይሸከማል? ቁጠባ ያለው ሰው ሊጠብቅ ይችላል፤ የሌለው ገና ጥቅሙ ሳይመጣ በዕዳ ይመለሳል።

ባሏስ? ጄከብ ሚንሰር እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ቤተሰብ ፍልሰት ሲጽፍ ያሳየው፣ የአንዱ ጥቅም ከሌላው ጉዳት ካልበለጠ ቤተሰቡ እንደማይነቃነቅ ነው። መምህር ከክልል ወደ ሌላ አስተዳደር ዝውውር ማግኘት ቀላል አይደለም። ሥራውን ለቅቆ ቢከተላት የእሱ ደመወዝ ከሒሳቡ ይወጣል፤ ቢቀር ሁለት ጎጆ ይሆናል።

ተማሪዬ ወረቀቱን ይዛ ሄዳ ከሳምንት በኋላ ተመለሰች። የሞግዚቷን 4,000 ብር ለመቀነስ እናቷ ለመጀመሪያው ዓመት አብራት እንድትሄድ ለምናት ነበር። እናቷ «ላሟንስ ማን ያልባታል? ዕድሬንስ?» አለቻት። በእኔ ስሌት የአያትየው ጉልበት ያለ ዋጋ ተጽፎ ነበር፤ ዋጋ እንዳለው ያወቅነው ያኔ ነው። አሁን ተማሪዬ ለአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፋ፣ ደመወዙ 33,000 ብር እንዲሆን ወይም መኖሪያ ቤት እንዲሰጣት ጠይቃ፣ መልስ እየጠበቀች ነው። ጊዜዬ ስላለቀ፣ የቀረውን ለጥያቄዎቻችሁ እተዋለሁ።