የዋጋው እርምጃና የገንዘቡ ክብደት

የአክሲዮን ቻርት የሚከታተል ሰው ከሥዕሉ ግርጌ በዜሮና በመቶ መካከል የምትዋልል መስመር አይቶ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ይህች መስመር አሜሪካዊው ዌልስ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀው የአንጻራዊ ጥንካሬ አመልካች ናት፤ በስክሪን ላይ RSI ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ጂን ኩዎንግና አቭረም ሱዳክ የገንዘብ ፍሰት አመልካችን ይዘው መጡ፤ ይኸኛው MFI ነው። ስለ MFI የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ የግብይት መጠን የተጨመረበት RSI። አባባሉ ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ይዟል፤ የቀረውን ግማሽ የማያውቅ ሰው ደግሞ መስመሯን በቀላሉ በተሳሳተ መንገድ ያነባታል።

RSI የሚያየው የመዝጊያ ዋጋን ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያለፉትን 14 ቀናት ይወስድና ዋጋው በወጣባቸው ቀናት ምን ያህል እንደጨመረ፣ በወረደባቸው ቀናት ምን ያህል እንደቀነሰ ያመዛዝናል። ያንን ዋጋ ያወጣው መቶ አክሲዮን ይሁን መቶ ሺህ ለእሱ ልዩነት የለውም።

MFI ግን የቀኑን ከፍተኛ፣ ዝቅተኛና መዝጊያ ዋጋ ደምሮ ለሦስት ያካፍላል፤ የተገኘውን አማካይ በዕለቱ በተገበያዩት አክሲዮኖች ብዛት ያባዛል። አማካዩ ከትናንቱ ከበለጠ የዕለቱ ገንዘብ በሙሉ ወደ «ገቢ» ይደመራል፤ ካነሰ በሙሉ ወደ «ወጪ»። እኩል ከሆነ ቀኑ አይቆጠርም። በመጨረሻ ገቢው ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሆነ በመቶኛ ይሰላል።

ለማሳጠር 14ቱን ቀን ወደ አራት አውርደን እናስላ። የአንድ አክሲዮን ዋጋ 100 ብር ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ 102፣ 104፣ 106 ደረሰ፤ በየቀኑ 1,000 አክሲዮን ተሸጧል። በአራተኛው ቀን ዋጋው ወደ 105 ሲወርድ 6,000 አክሲዮን ተገበያየ። የመዝጊያውና የቀኑ አማካይ ዋጋ አንድ ነው እንበል። በተራ አማካይ ሲሰላ RSI የሚያየው የስድስት ብር ጭማሪና የአንድ ብር ቅናሽ ነው፤ ውጤቱ 86 ገደማ ይሆናል። በተለመደው መለኪያ ከ70 በላይ ስለሆነ ዋጋው ከልክ በላይ ተወዷል ይባላል። በMFI ስሌት ግን በሦስቱ ቀናት 312,000 ብር ገብቷል፣ በአራተኛው ቀን ብቻ 630,000 ብር ወጥቷል። ውጤቱ 33 ነው። ጥቂት ሰዎች ቀስ እያሉ ሲገዙ፣ በአንድ ቀን ብዙ ሻጭ እንደመጣ ይህ ቁጥር ያሳያል። የMFI ደጋፊዎች የሚወዱት ይህን ነው፤ እውነትም ይገባዋል።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። በአራተኛው ቀን ዋጋው ወደ 105 ሳይሆን ወደ 100 ይውደቅ፤ የተሸጠው ያው 6,000 ይሁን። RSI ከ86 ወደ 50 ይወርዳል፤ የሦስት ቀኑ ትርፍ በአንድ ቀን ስለጠፋ ይህ ተገቢ ነው። MFI ግን 34 ይሆናል። ዋጋው የባሰ ወድቆ ሳለ ቁጥሩ በትንሹ ከፍ አለ! ምክንያቱም MFI ዋጋው ወደየት እንደሄደ እንጂ ምን ያህል እንደሄደ አይጠይቅም፤ የአንድ ብርና የስድስት ብር ቅናሽ ለእሱ አንድ ናቸው። በርካሽ የተሸጠ 6,000 አክሲዮን ደግሞ በብር ሲተመን ያንሳል። እንግዲህ MFI በRSI ላይ የግብይት መጠንን ጨመረ ብቻ ሳይሆን፣ RSI የሚለካውን ዋና ነገር ጥሎ በምትኩ ሌላ አነሣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ከመስኮቱ ጠርዝ ይመጣል። በዋይልደር ቀመር አንድ ትልቅ ቀን እየደበዘዘ ይሄዳል እንጂ በድንገት አይጠፋም። በMFI ግን 14 ቀን ሙሉ በሙሉ ይቆጠርና በማግስቱ ጨርሶ ይወጣል። የአሜሪካው S&P 500 በየሩብ ዓመቱ ዝርዝሩን ሲያስተካክል፣ ጠቋሚውን የሚከተሉ ፈንዶች በአንድ አርብ መዝጊያ ላይ በብዛት ይገበያያሉ። ያ ግዢና ሽያጭ ስለ ኩባንያው የተሰጠ ፍርድ አይደለም፤ MFI ግን ገቢ ወይም ወጪ ብሎ ይመዘግበዋል። ከ14 የግብይት ቀናት በኋላ፣ ምንም ወሬ በሌለበት ቀን፣ መስመሯ ትዘላለች። እንዲህ ያለ ዝላይ ያየ ሰው የዛሬውን ዜና ከመፈለጉ በፊት 14 ቀን ወደኋላ ሄዶ ረጅም የመጠን ዘንግ መኖር አለመኖሩን ይመልከት።

«የገንዘብ ፍሰት» የሚለው ስም ራሱ ትንሽ ያታልላል፤ በእያንዳንዱ ግብይት ገዢው የከፈለውን ሻጩ ተቀብሏልና።

መጠኑ በማይታመንበት ቦታ ደግሞ MFI ከንቱ ነው። የውጭ ምንዛሪ ገበያ አንድ ማዕከላዊ መዝገብ ስለሌለው በስክሪን የሚታየው «መጠን» ብዙ ጊዜ የዋጋ ለውጦች ቆጠራ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. በተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም የተመዘገቡት ኩባንያዎች ገና ጥቂት ናቸው። አክሲዮኑ በየቀኑ የማይገበያይ ከሆነ አንድ ትልቅ ሽያጭ ብቻውን ቁጥሩን ወደፈለገበት ይወስደዋል፤ እዚያ የኩባንያውን የሒሳብ መግለጫ ማንበብ ይሻላል። በየቀኑ ብዙ በሚሸጥ አክሲዮን ላይ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ሲለያዩ MFIን ከማመናችሁ በፊት የትኛው ቀን እንዳለያያቸው ፈልጉ።